ከንፈር ላይ የሚወጣ ምች እና የአፍ ውስጥ ቁስል፦ ለይቶ የማወቂያና የማስታገሻ ዝርዝር መመሪያ

ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎ ባሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ፋርማሲ ገብቶ «አፌ ቆስሏል፣ የሚቀባ ነገር ስጡኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የተሰጠውን ቀብቶ ከሳምንት በኋላ ቁስሉ ሰፍቶበት ወይም ምንም ሳይለወጥ ተመልሶ የሚመጣውም ጥቂት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን፣ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ሕመሞች እንደ አንድ መታከማቸው ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውና ብዙዎቻችን ምች የምንለው የውሃ ቋጠሮ በቫይረስ የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። አፍ ውስጥ፣ በጉንጭ ወይም በከንፈር የውስጥ ገጽ ላይ የሚወጣው ነጭ ቁስል ግን በዚህ ቫይረስ የሚመጣ አይደለም፤ ወደ ማንም አይተላለፍም። ስቴሮይድ የሚባል እብጠትና ሕመም የሚቀንስ መድኃኒት ያለበት የአፍ ቅባት የውስጡን ቁስል ሲያስታግስ፣ ምች ላይ ሲቀባ ግን የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ ቫይረሱ እንዲስፋፋ ያደርጋል። ይህን ቫይረስ የሚዋጋው አሲክሎቪር የተባለ መድኃኒት ደግሞ በጊዜው ከተጀመረ ምችን ያሳጥራል፣ ለውስጡ ቁስል ግን አንዳች ጥቅም የለውም። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት በፊት የመጀመሪያውን ደረጃ በጥንቃቄ ይፈጽሙ።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

መስታወትና የስልክ መብራት፣ ንጹሕ ጥጥ ወይም የጆሮ ጥጥ፣ ሳሙና፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ የምግብ ጨው፣ ቫዝሊን እና ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ትንሽ ፎጣ ያስፈልጋሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ፣ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለይተው ያስቀምጡ፤ በዚህ ሕመም እጅን መታጠብ የሕክምናው አካል ነውና።

ደረጃ 1፦ ቁስሉን በብርሃን ይመልከቱ

እጅዎን ታጥበው መስኮት አጠገብ ይቁሙ፤ ከንፈርዎን በሁለት ጣት ገልብጠው ውስጡንም ውጩንም ይመልከቱ። ከዚያ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመልሱ።

1. ቁስሉ የት ነው? ምች በአብዛኛው የከንፈር ቀለም ከፊት ቆዳ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዴም ከአፍንጫ ሥር ይታያል። የውስጡ ቁስል የሚወጣው ደግሞ በለስላሳው የአፍ ገጽ ላይ ነው፦ በከንፈር ውስጥ፣ በጉንጭ ውስጥ፣ በምላስ ጎንና ሥር።

2. ከመታየቱ በፊት ምን ተሰማዎት? ምች ከመውጣቱ ጥቂት ሰዓታት ወይም አንድ ቀን ቀደም ብሎ በአንዲት ቦታ የማሳከክ፣ የመንዘርና የማቃጠል ስሜት ይሰጣል። የውስጡ ቁስልም ከመውጣቱ በፊት ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም።

3. ቅርጹ ምን ይመስላል? ምች ውሃ የቋጠሩ፣ አንድ ላይ የታጨቁ ትናንሽ እብጠቶች ሆኖ ይጀምርና በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ፈንድቶ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ያወጣል። የውስጡ ቁስል ውሃ አይቋጥርም፣ ቅርፊትም አያወጣም። ከመጀመሪያው ክብ ወይም ሞላላ ጉድጓድ ሆኖ መሐሉ ነጭ ወይም ቢጫ፣ ዙሪያው እንደ ቀለበት ቀይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ስፋቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው።

*መለየት ሲያስቸግር፦* ቁስሉ በከንፈር ሁለት ጥጎች ላይ እንደ ስንጥቅ ሆኖ አፍ ሲከፈት የሚያም ከሆነ፣ ከሁለቱም አይደለም። ያ ብዙ ጊዜ ከፈንገስ፣ ከባክቴሪያ ወይም ከደም ማነስ ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር ነው፤ ይህን መመሪያ ትተው ጤና ጣቢያ ይታዩ። አፍ ውስጥ የተለጠፈው ነጭ ነገር በጥጥ ሲጠረግ የሚነሣ ከሆነም የአፍ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል በሌላ መድኃኒት ይታከማል።

ከንፈር ላይ ከሆነ ደረጃ 2 እና 3ን፣ አፍ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ደረጃ 4 እና 5ን ይከተሉ።

ደረጃ 2፦ ምች ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

«ፀሐይ መትቶኝ ነው» የሚለው አባባል ግማሹን እውነት ይዟል። ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ወደ አብዛኞቻችን የሚገባው በልጅነት፣ በመሳሳምና በምራቅ አማካይነት ነው። ከገባ በኋላ አይወጣም፤ ለፊት ስሜት በሚሰጠው ነርቭ ሥር ለዕድሜ ልክ ይደበቃል። ኃይለኛ ፀሐይ፣ ጉንፋንና ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ በሴቶች ደግሞ የወር አበባ ጊዜ ይቀሰቅሱታል፤ ያን ጊዜ በነርቩ ላይ ወርዶ ዘወትር በዚያው ቦታ አካባቢ ይወጣል። ፀሐዩ በሽታውን አላመጣውም፣ የተኛውን ቀሰቀሰው እንጂ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ ቀዝቃዛ በሚመስልበት ቀን እንኳ የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው።

1. የመንዘር ስሜቱ እንደጀመረ፣ ቋጠሮው እስኪታይ ሳይጠብቁ፣ ባለ 5 በመቶ የአሲክሎቪር ክሬም ይጀምሩ። በቀን 5 ጊዜ፣ ነቅተው ባሉበት ሰዓት በየ4 ሰዓቱ ገደማ፣ ለ5 ቀናት ይቀቡ። ከመቀባትዎ በፊትም በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ከክሬሙ ተአምር አይጠብቁ፤ በጊዜው ከተጀመረ ሕመሙን አንድ ቀን ገደማ ያሳጥራል። ቅርፊት ከያዘ በኋላ የተጀመረ ክሬም ግን ገንዘብ ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም።

2. ክሬሙን በቦታው ላይ በቀስታ ያሳርፉት እንጂ አይሹት፤ መሻት ፈሳሹን ወደ ጤነኛው ቆዳ ይወስደዋል። ክሬሙ ወደ ዐይንና ወደ አፍ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

3. ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቦታው ላይ ያቆዩ፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። በረዶ ካለዎት በጨርቅ ይጠቅልሉት እንጂ በቀጥታ አያስነኩት። ሕመሙ ከጠና በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል።

*ክሬሙ ካልተገኘ፦* ቀዝቃዛው ጨርቅና ቫዝሊን ይበቃሉ። ምች ያለ መድኃኒትም በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ራሱ ይድናል።

በየቤቱ ስለሚገኘው ስለ ዳማ ከሴ አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። የተቀጠቀጠውን ቅጠል ማሽተት ለሚወድ ሰው ይህ መመሪያ አይከለክለውም፤ ነገር ግን በተጨመቀበት እጅ የፈነዳውን ቁስል ማሸት ቆሻሻ ያስገባል፣ ቫይረሱንም ወደ ሌላ ቦታ ያደርሳል። በየቤቱ የሚቀመጠው የቴትራሳይክሊን ቅባትም ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አያጠፋም።

ደረጃ 3፦ ቋጠሮው ሲፈነዳ

ይህ ቫይረሱ በብዛት የሚተላለፍበት ጊዜ ነው።

1. ቋጠሮውን በመርፌም በጥፍርም አያፍርጡ፣ ቅርፊቱንም አይላጡ። ቅርፊቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ስለሚደማ፣ በጆሮ ጥጥ ስስ ቫዝሊን ይቀቡት፤ ጥጡን አንዴ ተጠቅመው ይጣሉት፣ ወደ ቫዝሊኑ ዕቃ መልሰው አይንከሩት።

2. ብርጭቆ፣ ሲኒ፣ ማንኪያ፣ ፎጣና የከንፈር ቅባት ለብቻዎ ይያዙ። ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን ማንንም አይሳሙ። በእጅዎ ከንፈርዎን እየነኩ ሌላ ሰው አያጉርሱ፤ ሲጎርሱም የአጉራሹ ጣት ቁስሉን እንዳይነካ «ይቅርብኝ፣ ከንፈሬን አሞኛል» ቢሉ ማንም አይቀየምም።

3. አራስ ሕፃን ካለበት ቤት ጥንቃቄው ይጥበቅ። በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት ይህ ቫይረስ ወደ አንጎልና ወደ መላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ምች ያለበት ሰው አራስ ሊጠይቅ አይሂድ፤ እናቲቱ ራሷ ምች ካለባት ሕፃኑን ሳትስም፣ እጇን ታጥባና ከንፈሯን በማስክ ሸፍና ታጥባው፤ ጡቷ ላይ ቁስል እስከሌለ ድረስ ማጥባቷን አታቋርጥ።

4. ከንፈርዎን ነክተው ዐይንዎን አይነካኩ።

*አንድ ምሳሌ እንመልከት።* በኮዬ ፈጬ የሕንፃ ሥራ ላይ የሚውል አንድ ግንበኛ ማክሰኞ ማታ የላይኛው ከንፈሩ ግራ ጠርዝ ይነዝረዋል። ቀኑን ሙሉ ባርኔጣ ሳያደርግ ፀሐይ ላይ ውሏል። ባለቤቱ ከወራት በፊት ለጉንጯ ቁስል የታዘዘላት ባለ ስቴሮይድ ቅባት ቱቦው ውስጥ ተርፎ ስለነበር፣ «ለአፍ ነው» ተብሎ ይሰጠውና ይቀባል። ረቡዕ ቋጠሮዎቹ ይወጣሉ፤ እሱ መቀባቱን ይቀጥላል። ዓርብ ዕለት ቋጠሮዎቹ እስከ አፍንጫው ሥር ተዳርሰው ከንፈሩ ያብጣል። እዚህ ላይ የሚደረገው ግልጽ ነው፦ ባለ ስቴሮይዱን ቅባት ወዲያውኑ ማቆም፣ ቦታውን በንጹሕ ውሃ በቀስታ አጥቦ በተለየ ፎጣ ማድረቅ፣ አዳዲስ ቋጠሮዎች እየወጡ ስለሆነም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚዋጥ የአሲክሎቪር ኪኒን ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ። ኪኒኑ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ሲሆን፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑ ስለሚስተካከልለት ይህን አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል። ማክሰኞ ማታ ግን መስታወት ፊት ቆሞ «ቁስሉ ከጠርዙ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ለዚህ አይዳረግም ነበር።

ደረጃ 4፦ ቁስሉ አፍ ውስጥ ከሆነ መነሻውን ይፈልጉ

የዚህ ቁስል ምክንያት አንድ አይደለም። ጉንጭን መንከስ፣ የተሰበረ የጥርስ ጠርዝ፣ ጠንካራ ብሩሽ ወይም ጫፉ ያልለሰለሰ መፋቂያ ገጹን ሲቧጭር ይነሣል። በጭንቀትና በእንቅልፍ ማጣት ጊዜ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይወርዳል። የብረት፣ የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያመጣዋል፤ ረጅም የጾም ወራት ያለ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለሚያሳልፍና ቁስሉ ለሚመላለስበት ሰው ቢ12 መመርመር ያለበት ለዚህ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ የጥርስ ሳሙናን አረፋ የሚያስወጣው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባለው ነገር ቁስሉን ያመላልሰዋል።

1. በምላስዎ ጫፍ ከቁስሉ ትይዩ ያሉትን ጥርሶች ይዳስሱ። ሹል ጠርዝ ካገኙ የጥርስ ሐኪም ይሞርድልዎት፤ ይህ ሳይደረግ የሚቀባው ሁሉ ቁስሉን አያድነውም።

2. እስኪድን ድረስ መፋቂያውን ትተው በለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ።

3. በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ የሚያቃጥል ቡናና ሻይ፣ እንደ ቆሎ ያለ ጠንካራ ነገር ይተዉ። አልጫ ሽሮ፣ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎ፣ ሙዝና አቮካዶ አያቃጥሉም። የኮመጠጠ እንጀራ የሚያቃጥልዎት ከሆነ ለጥቂት ቀን በሩዝ ወይም በገንፎ ይተኩት።

ደረጃ 5፦ መጉመጥመጥና መቀባት

1. በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ። አንድ አንድ ጉንጭ እየያዙ ለግማሽ ደቂቃ ይጉመጥመጡና ይትፉ፤ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ይድገሙት። ጨው በጣም የሚያቃጥልዎት ከሆነ፣ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጠቀሙ። ሱቅ ሲጠይቁ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጥዎት ጥቅሉን ያንብቡ፤ ፓውደሩ ውስጥ አሲድ ስላለበት ለዚህ አይሆንም።

2. ባለ 0.2 በመቶ የክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ካገኙ 10 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ይጠቀሙ። ጥርስዎን በሳሙና ካጸዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ የጥርስ ሳሙና ሥራውን ያበላሽበታል። ለረጅም ጊዜ ከተጠቀሙበት ጥርስን ቡናማ ያደርጋል። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫና አረቄ ግን ቁስሉን ያባብሳሉ።

3. ሐኪም ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ቁስሉን አይቶ ትሪያምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት የአፍ ቅባት ከሰጠዎት፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አቀባቡ ነው። እርጥብ ገጽ ላይ ቅባቱ አይያዝም፤ በምራቅ ታጥቦ ይዋጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጉመጥመጡ፤ ቀጥሎ ከንፈሩን ገልብጠው በደረቅ ጥጥ ቁስሉን በቀስታ ተጭነው ያድርቁት፤ ከዚያ የምስር ፍሬ የሚያህል ቅባት በጣትዎ ጫፍ ላይ አድርገው ያሳርፉት። አይሹት፤ ከተሸ እንደ አሸዋ ይቆራረጣል። ስስ ሽፋን ሆኖ ሲያያዝ ከንፈርዎን በቀስታ ይልቀቁ፤ ለግማሽ ሰዓት ምንም አይብሉ፣ አይጠጡም። ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት የመኝታ ሰዓት ነው፤ እንደ አስፈላጊነቱም ከምግብ በኋላ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገማል።

*ቅባቱ ካልተገኘ፦* በተመሳሳይ መንገድ ቁስሉን አድርቀው ንጹሕ ማር ማሳረፍ ለጊዜው ይሸፍነዋል። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር በማንኛውም መልኩ አይሰጥም።

*ፈጽሞ የማይደረግ፦* የተፈጨ አስፕሪን፣ ደረቅ ጨው፣ ሎሚ ወይም የኪኒን ዱቄት በቁስሉ ላይ አይነስንሱ። አስፕሪን የአፍን ገጽ ያቃጥላል፤ መጀመሪያ የነበረችው ትንሽ ቁስል ሰፍታ ነጭ ቃጠሎ ትሆናለች።

ትንሹ ዓይነት ቁስል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይድናል፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ግን ሳምንታት ሊወስድና ጠባሳ ሊተው ስለሚችል ቶሎ ይታዩ። ቅባቱን ለ7 ቀናት ተጠቅመው ለውጥ ካላዩም አቁመው ባለሙያ ያማክሩ።

ደረጃ 6፦ ወደ ጤና ተቋም የሚኬድበት ጊዜ

በዚያው ቀን የሚኬደው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ምች ካለበት ሰው ዐይን ቢቀላ፣ ብርሃን ቢያስቸግረው ወይም ቢደበዝዝበት፣ ቫይረሱ የዐይንን መስታወት አጥቅቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ የዐይን ጠብታ ሳይሞከር ይታይ። አራስ ሕፃን ላይ ማንኛውም የውሃ ቋጠሮ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ትንሽ ልጅ ከፍተኛ ትኩሳት ኖሮት፣ ድዱ አብጦና ደምቶ፣ ምራቁን እያዝረበረበ መጠጥ እምቢ ካለ፣ ዋናው አደጋ የውሃ እጥረት ነው፦ ሽንት ለ8 ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወይም ከደነዘዘ ሳይዘገይ ይወሰድ። እስከዚያው በየጥቂት ደቂቃው በማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይስጡት። የካንሰር ሕክምና የሚወስድ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ወይም መከላከያው የደከመ ሰውም ቁስሉ እስኪሰፋ አይጠብቅ።

በቀጠሮ የሚኬደው ደግሞ ምች ከ2 ሳምንት በላይ ሲቆይ ወይም በዓመት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመላለስ፣ የአፍ ቁስል ሳያቋርጥ ሲተካካ፣ ከብልት ቁስል ወይም ከዐይን መቅላት ጋር ሲመጣ፣ ከተደጋጋሚ ተቅማጥና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲታይ ነው። ከ3 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ በተለይ የማያም፣ ጠርዙ የጠነከረና በምላስ ጎን ያለ ከሆነ፣ ካንሰር አለመሆኑ በሐኪም መረጋገጥ አለበት፤ ሲጋራ ለሚያጨስ፣ ጫት ለሚቅምና መጠጥ ለሚያዘወትር ሰው ይህ ቀነ ገደብ አይታለፍ።

ደረጃ 7፦ እንዳይመላለስ

ለምች፦ ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው ሰፊ ባርኔጣና የመከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የከንፈር ቅባት ያስፈልጋል፤ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ይደገም፣ ከሰው ጋር አይጋራ። በተደጋጋሚ የሚመጣበት ሰው ክሬሙን አስቀድሞ ገዝቶ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ፤ ምሽት ላይ ሲነዝረው ፋርማሲ ዝግ ሆኖ ሌሊቱን የሚያጣው ብዙ ነው።

ለአፍ ቁስል፦ ቁስሉ የወጣበትን ቀን፣ በዚያ ሳምንት የበሉትንና የተጠቀሙበትን የጥርስ ሳሙና በደብተር ይመዝግቡ። ከዚያ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሌለበት ሳሙና ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ይሞክሩ፤ በሳሙናው ጀርባ ካሉት የንጥረ ነገሮች ስሞች መካከል ስሙን ያገኙታል። ቁስሉ ካልቀነሰ፣ መዝገቡን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱና የደም ማነስ፣ የብረት፣ የፎሌትና የቢ12 ምርመራ እንዲታዘዝልዎት ይጠይቁ። ጤና ጣቢያው ሁሉንም ካልሠራ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሠራ ጠይቀው የሪፈር ወረቀት ይቀበሉ። ውጤቱ ሳይታወቅ የቫይታሚን ኪኒን በግምት አይጀምሩ፤ በተለይ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ከተወሰደ የቢ12 እጥረትን በደም ምርመራ ላይ ሊሸፍነው ይችላል፣ የነርቩ ጉዳት ግን ይቀጥላል።